ብሎክ ያደረግሁት ቁጥር ብሬን ለምን ይቆርጣል?

ስለ አስቸጋሪ ጥሪዎችና የማስታወቂያ መልእክቶች ጎጃም ውስጥ በየገበያው የሚሰሙ አራት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው።

«አጭር ቁጥሩን ብሎክ አድርጌዋለሁ፤ ከእንግዲህ ብር አይቆርጥብኝም።»

ብሎክ የሚሠራው እጃችሁ ላይ ባለው ስልክ ብቻ ነው። መልእክቱን ከዓይናችሁ ይሰውረዋል እንጂ ምዝገባውን አያፈርስም። የዕጣ፣ የስፖርት ወይም የጤና ምክር መልእክት ከአጭር ቁጥር በየቀኑ የሚመጣባችሁ ብዙ ጊዜ አንድ ቀን OK ብላችሁ ስለላካችሁ ነው፤ ወይ ልጅ ስልኩን ሲነካካ ልኮታል። ምዝገባው ያለው ኦፕሬተሩ ዘንድ ስለሆነ ስልካችሁ ቢዘጋውም ክፍያው ይቀጥላል።

የቡሬ በርበሬ ነጋዴ እናስብ። ማታ 50 ብር ካርድ ሞልቶ ይተኛል። ጠዋት ለማንም ሳይደውል በ *804# ሒሳቡን ሲያይ 48 ብር ሆኖ ያገኘዋል። በቀን 2 ብር ማለት በወር 60 ብር ነው፤ ቁጥሩን ደግሞ ብሎክ ካደረገው ቆይቷል።

ይህ ሰው መጀመሪያ ብሎኩን ማንሳት አለበት። «ተቋርጧል» የሚለው ማረጋገጫ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚያው ቁጥር ስለሆነ፣ ብሎኩ ካልተነሣ መልሱን አያየውም። ቀጥሎ ከድሮዎቹ መልእክቶች አንዱን ከፍቶ መጨረሻውን ያንብብ፤ የማቋረጫው ቃል እዚያ ተጽፏል፤ አብዛኛውን ጊዜ STOP ነው። ያንን ቃል ብቻ፣ «እባካችሁ» እንኳ ሳይጨምር፣ ወደዚያው አጭር ቁጥር ይላክ። መልሱ ሲመጣለት አያጥፋው፤ ኋላ ክርክር ቢነሣ ማስረጃው እሱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከመደወሉ በፊት እንደገና *804# ይበል። በሳምንት አንዴ የሚቆርጥ አገልግሎትም ስላለ አንድ ጠዋት አልተቀነሰም ብሎ አይዘናጋ፤ ሳምንቱን ይከታተል። አሁንም ከተቀነሰ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውሎ በቁጥሩ ላይ ያሉትን ምዝገባዎች በሙሉ እንዲነግሩትና እንዲሰርዙለት ይጠይቅ። የሳፋሪኮም መስመር የያዘ ሰው የሚደውለው ለ700 ነው። ብሎክ ማድረግ ከፈለገ ጊዜው ምዝገባው መቋረጡን ካረጋገጠ በኋላ ነው።

«እንዲህ ከሆነማ ያስቸገረኝን ሁሉ STOP እለዋለሁ።»

ለአጭር ቁጥር ልክ ነው። በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ተራ ቁጥር «ዕጣ ደርሶዎታል» የሚል መልእክት ሲመጣ ግን አትመልሱ፤ መልሳችሁ መስመሩ የሚሠራና የሚነበብ መሆኑን ለአጭበርባሪው ከመንገር ሌላ ጥቅም የለውም። እዚህ ላይ ብሎክ ይበቃል።

በቁጥር ፋንታ በስም ለሚመጣ ማስታወቂያ መልስ መላክ አይቻልም፤ ያለው አማራጭ ስሙን ብሎክ ማድረግ ነው። ስትዘጉ ግን አስተውሉ። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ ባንካችሁም ገንዘብ ሲገባ የሚያሳውቃችሁ በአንድ ስም ነው። በማስታወቂያው ተናዳችሁ እነሱን ከዘጋችሁ፣ ከእናንተ ጤፍ ገዝቶ የጫነ ሰው «ልኬልሃለሁ፣ ይኸው» እያለ የራሱን ስልክ ሲያሳያችሁ የምታመሳክሩበት አይኖራችሁም።

«ከውጭ ሚስድ ኮል አለ፤ እህቴ ናት መሰል፣ ልደውልላት።»

መጀመሪያ የአገሩን ኮድ እዩ። እህታችሁ ሳውዲ ከሆነች በ+966፣ ቤሩት ከሆነች በ+961፣ ዱባይ ከሆነች በ+971 ይጀምራል። ማንም ዘመድ ከሌላችሁ አገር አንዴ ጠርቶ የሚቋረጥ ስልክ ግን ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ መልሳችሁ ስትደውሉ በውጭ አገር ታሪፍ ይቆረጥባችኋል፣ ከዚያም ድርሻ የሚያገኝ አለ። ኮዱ ቢመሳሰልም አትቸኩሉ፣ ቁጥር ማስመሰል ይቻላል። አገር ውስጥ ሆናችሁ የመጣላችሁን ጥሪ ማንሳት ብር አይቆርጥም፤ ስለዚህ እህታችሁ እስክትደግም ጠብቋት።

«ስልኬ ሴቲንግ ላይ Unknown የሚል አለ፤ እሱን ከዘጋሁ የማላውቀው ሰው አይደውልም።»

በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ይህ የሚዘጋው ቁጥሩን ደብቆ የሚደውለውን ብቻ ነው። ስሙ ያልተመዘገበ ቁጥር እንደ ወትሮው ይጠራል። አይፎን ላይ Silence Unknown Callers የሚባለው ግን ያልመዘገባችሁትን ቁጥር ድምፁን ያጠፋዋል፤ እሱንም ቢሆን ገጠር ዘመድ ላለው ሰው አልመክርም። ባትሪ ያለቀበት ወንድም የሚደውለው በጎረቤት ስልክ ነው፣ መርዶም የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከማይታወቅ ቁጥር ነው።

ትሩኮለር የሚባለው አፕ የደዋዩን ስም ያሳያል፤ ነገር ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል። ዳታ በተቋረጠባቸው ቀናት የሚለየው አስቀድሞ ስልኩ ላይ ያወረዳቸውን ቁጥሮች ብቻ ነው፤ አዲሱን አጭበርባሪ እንደማንኛውም ደዋይ ያሳልፈዋል።