ኪንታሮት፦ ስሙ አንድ፣ ሕመሙ ሁለት
እጅ ላይ የሚወጣውም ፊንጢጣ ላይ የሚያብጠውም ኪንታሮት ይባላል። የፊንጢጣው ግን ያበጠ የደም ሥር ነው፤ የእጁን በሚያቃጥሉበት መድኃኒት ከነኩት ይቆስላል፣ ይደማል።

በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ውኃ ብዙም አይጠማም። ሰገራ ይደርቃል፣ ሲያምጡ የደም ሥሩ ይወጠራል። ስለዚህ ባይጠማዎትም በቀን ከ6 እስከ 8 ብርጭቆ ውኃ ይጠጡ፤ ጎመንና ባቄላ ያዘውትሩ። ሽንት ቤት ከ5 ደቂቃ በላይ አይቀመጡ። ከዚያ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ አድርገው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይዘፍዘፉ፤ ጨው አያስፈልገውም።

ድንገት የወጣ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጠጣር እብጠት የረጋ ደም ነው። በ3 ቀን ውስጥ ሐኪም ጋ ከደረሱ ተከፍቶ ሊወጣ ይችላል። መድማቱ ከሳምንት ካለፈ፣ ሰገራው ከጠቆረ፣ ትኩሳት ካለ ወይም ከከሱ ግን ኪንታሮት ነው ብለው አይቆዩ፤ ይመርመሩ። ደሙ ከበዛ ወይም ካዞረዎት ያኔውኑ ይሂዱ።