ባለ አንድ ገጹ የድርጅት ፕሮፋይል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ማህበሩ ለአባላት ዳይሬክተሪ የሚሆን ባለ አንድ ገጽ ፎርም ከበተነ ወዲህ ከደሴም ከኮምቦልቻም የሚመጣው ወሬ ያው ተመሳሳይ ነው። ፎርሙን ስሰበስብ ደጋግሜ የሰማሁትን እዚህ አንድ ባንድ ላስቀምጠው።

«ፕሮፋይል ማለት የድርጅቱ ታሪክ፣ ራዕይ፣ ተልዕኮ ምናምን አይደል እንዴ?»

ለጨረታ ሰነድ ወይ ለባንክ ብድር ከሆነ እሺ፣ ለዳይሬክተሪ ግን አይደለም። ዳይሬክተሪ የሚያገላብጥ ሰው እኮ ስልኩን እጁ ላይ ይዞ ነው፣ ሊደውል እንጂ ሊያነብ አልከፈተውም፣ እና የሚፈልገው ሶስት ነገር ብቻ ነው፤ እኔ የምፈልገውን ይሰራሉ ወይ፣ በምፈልገው ብዛትና ጊዜ ያደርሳሉ ወይ፣ ማንን ነው የማናግረው። ይሄ ከላይኛው ግማሽ ገጽ ላይ ካልታየው ወደሚቀጥለው ያልፋል፣ በቃ።

እንበልና ኮምቦልቻ ያለ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ነው። ፎርሙ ላይ «ስለ ድርጅቱ» የሚለው ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እንዲህ ነው፦

«ድርጅታችን ጥራታቸውን የጠበቁ ምርቶችን በተመጣጣኝ ዋጋ ለውድ ደንበኞቹ በማቅረብ በዘርፉ ተመራጭ የመሆን ራዕይ ሰንቆ የተነሳ ሲሆን…»

የድርጅቱን ስም በጣታችሁ ሸፍኑና መልሳችሁ አንብቡት። ዳቦ ቤትም፣ ጸጉር ቤትም፣ ማተሚያ ቤትም ሊሆን ይችላል አይደል? እንደዛ ከሆነ ጽሁፉ ለደንበኛው ምንም አልነገረውም ማለት ነው። ያው ወርክሾፕ እንዲህ ቢጽፍስ፦

«የብረት በርና መስኮት በኤልቲዜድና በላሜራ፣ የግቢ በር፣ የደረጃና የበረንዳ ሃዲድ እንሰራለን። ልኬት ቦታው ድረስ መጥተን እንወስዳለን፣ ገጠማው ዋጋው ውስጥ አለ። መስታወት አንገጥምም። የምንሰራው ባብዛኛው ለመኖሪያ ቤትና ለትናንሽ ሆቴሎች ነው። ስራ የጀመርነው በ2008 ዓ.ም. ነው።»

እዚህ ውስጥ እኔ በጣም የምወዳት «መስታወት አንገጥምም» የምትለዋን ነው። አባላት ግን ይሄንን መጻፍ ይፈራሉ፣ ደንበኛ የሚያባርር ይመስላቸዋል። የምታባርረው ግን ድሮም የእናንተ ያልሆነውን ነው፣ ደውሎ፣ ሰው ልኮ፣ ተስማምቶ መጨረሻ ላይ «መስታወቱስ?» ብሎ የሚጣላውን። ታሪኩ ደግሞ አንድ መስመር ሆኖ መጨረሻ ላይ ገባ፣ ማንም አልተጎዳም።

«የማምረት አቅም ላይ ትልቅ ቁጥር ካልጻፍኩ ማን ይደውልልኛል?»

ይደውላሉ፣ ችግሩ ከደወሉ በኋላ ነው ያለው። ያንኑ ወርክሾፕ እንያዝና እናስላው። ሁለት በያጅ አለው፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ረዳት ጋር፣ ልኬቱ የታወቀ መደበኛ በር ከሆነ አንድ ጥንድ በቀን አንድ በር ያወጣል እንበል። በወር 24 የስራ ቀን ብለን ብንይዝ 48 በር ይሆናል፣ ባለቤቱም ወይ 48 ይጽፋል ወይ «ለማንኛውም» ብሎ 100 ያደርገዋል።

አሁን እንቀንስ። ገጠማ የሚሄዱት እነዚያው በያጆች ናቸው፣ ሌላ ቡድን የለም፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ጥንድ በሳምንት አንድ ቀን ውጪ ከዋለ በወር 8 በር ሄደ፣ 40 ቀረ። መብራት በወር ሶስት ቀን ቢያስቀምጣቸው ሁለቱም ጥንድ ናቸውና 6 በር ሄደ፣ 34 ቀረ። ከዛ ደግሞ ልኬት ተሳስቶ የሚደገም አለ፣ ክረምት ላይ አንቲረስቱ ቶሎ አልደርቅ ብሎ በሩ ወርክሾፑን ሞልቶ መቁረጫ ቦታ የሚያሳጣበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ፎርሙ ላይ መግባት ያለበት «በወር እስከ 30 በር» ነው። ከስሩ «ለ10 በር ከቅድመ ክፍያ በኋላ 2 ሳምንት» ብትሉ ደግሞ ደንበኛው ራሱ ያሰላዋል።

ፎርሙ ላይ አቅም የሚለው ሶስት ሳጥን የሆነው ለዚህ ነው፤ ቁጥር፣ መለኪያ፣ ጊዜ። «ከፍተኛ አቅም አለን» ብሎ ሶስቱንም ሳጥን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚሞላ አለ፣ እባካችሁ። መለኪያው ላይም አንዱ በበር፣ አንዱ በካሬ፣ ሌላው በኪሎ ብረት ከጻፈ ማህበሩ ሊደምረው አይችልም፣ መደመር መቻሉ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ኮንትራክተር በወር 50 በር ፈልጎ ቢመጣ 30 የሚችለውንና 20 የሚችለውን አገናኝቶ ስራው እዚሁ ይቀራል። 100 ብሎ የጻፈው ግን ብቻውን ይወስደዋል፣ ቅድመ ክፍያ ይበላል፣ ያዘገያል፣ ውሉ ላይ የመዘግየት ቅጣት ካለ ይቀጣል፣ ስሞታው ደግሞ ዳይሬክተሪውን ላወጣው ማህበር ነው የሚመጣው።

«እኛ ሁሉንም ነው የምንሰራው፣ አንድ ዘርፍ ምረጥ አትበለኝ»

አንድ ዋና፣ ሁለት ተጨማሪ፣ ከዛ በላይ አይፈቀድም። ዋናው የንግድ ፈቃዱ ላይ ካለው ዘርፍ ጋር መግጠም አለበት፣ ምክንያቱም ትልልቅ ገዢዎች ደረሰኝና ፈቃድ ሲያዩ ካልገጠመ ክፍያው ፋይናንስ ላይ ይቆማል። አስር ዘርፍ ስር የተዘረዘረ ድርጅት ደግሞ የትኛውም ስር አይታመንም።

«ቲን ቁጥሩም፣ የባንክ አካውንቱም፣ የፈቃዱ ኮፒም አብሮ ይታተም፣ ታማኝነታችን እንዲታይ»

ኧረ ተዉ። እዚህ ላይ ሁለት ወረቀት እንዳለ አባላት አይለዩትም። አንዱ ማህበሩ ፋይል ውስጥ የሚቀመጠው ነው፤ የፈቃድ ኮፒ፣ ቲን፣ የባለቤቱ መታወቂያ፣ የባለቤቱ የግል ስልክ። ሌላው የሚታተመው ገጽ ነው። የባንክ አካውንት ቁጥር ከድርጅቱ ስም፣ ከማህተሙና ከባለቤቱ ፊርማ ጋር አንድ ገጽ ላይ አውጥቶ መበተን ለአጭበርባሪ የተዘጋጀ ዕቃ ማቀበል ነው፣ የናንተን ፕሮፎርማ የሚመስል ሰርቶ አካውንቱን ብቻ ቀይሮ ለደንበኛችሁ ለመላክ ሌላ ምንም አይቸግረውም።

ገዢው በእርግጥ የሚፈልገው መረጃ አለ፣ እሱም በ«አዎ» እና «የለም» ይመለሳል፤ የታደሰ ፈቃድ አላችሁ ወይ፣ ቫት ተመዝጋቢ ናችሁ ወይ፣ ደረሰኝ ትቆርጣላችሁ ወይ። የቫቷ ነገር በተለይ እንዳትዘለል፣ ገዢው ራሱ ቫት ተመዝጋቢ ከሆነ የከፈለውን ቫት ለማቀናነስ የናንተን የቫት ደረሰኝ ይፈልጋል፣ እና ቀድሞ ቢያውቅ ለሁላችሁም ይሻላል። ያልተመዘገባችሁ «የለም» በሉ፣ አያሳፍርም፣ ቤት የሚሰራ ግለሰብ አይጠይቃችሁም። የቀረው ሰነድ ሲጠየቅ ይሰጣል። የትኛው መረጃ እንዲታተም እንደተስማማችሁ ደግሞ ፎርሙ መጨረሻ ላይ የምትፈርሙበት መስመር አለ፣ ሳታነቡ አትፈርሙ።

«አድራሻ ላይ ደሴ፣ ክፍለ ከተማና ቀበሌ ከጻፍኩ በቃኝ»

ለደብዳቤ ይበቃል፣ ዕቃ ሊጭን ለመጣ ሹፌር ግን አይበቃም። ከወልድያ የመጣ ሹፌር ቀበሌ አያውቅም፣ ፒያሳን፣ ቧንቧ ውሃን፣ ሰኞ ገበያን፣ መናኸሪያን ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ከቀበሌው ቀጥሎ አንድ የማይነቃነቅ ምልክትና ከዛ የሚታጠፍበትን አቅጣጫ ጻፉ። የማይነቃነቅ ያልኩት ካፌና ሱቅ በየዓመቱ ስም ስለሚቀይሩ ነው፣ መስጊድ፣ ቤተክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት፣ አደባባይ ይሻላል። ደሴ ላይ ሌላም አለ፣ ከተማው ቁልቁለትና ዳገት ነው፣ ጠባብ ኮብልስቶን ላይ ያለ ወርክሾፕ ከሆነ «ኢሱዙ በር ድረስ ይገባል» ወይ «ጭነት ከአስፋልቱ ላይ ነው» የምትል ሀረግ ጨምሩ፣ የጉልበት ሰራተኛ ዋጋ ላይ ለውጥ አላት።

ስልክ ላይ ቶሎ ልለፍ። በአገር ውስጥ 09 ወይ 07 ብሎ የሚጀምረው በ+251 ሲጻፍ ዜሮዋ ትወድቃለች፣ +25109 ብሎ የታተመ ቁጥር ከውጭ አይገባም። የሚያነሳውን ሰው ስምና የስራ ድርሻም አስገቡ፣ ባለቤቱ ሁልጊዜ ገበያ ላይ ከሆነ የሱን ቁጥር ብቻ መስጠት ምን ይሰራል?

«ወርድ ላይ ሞልቼ በቴሌግራም ልኬዋለሁ፣ አለቀ»

አንድ ገጽ ብላችሁ የላካችሁት እኛ ጋር ሲከፈት ሁለት ገጽ ሆኖ የሚመጣው ፎንቱ ነው። Nyala በሚባለው ፎንት ጽፋችሁ የኛ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ወርዱ ራሱ ሌላ ይተካል፣ ፊደሉ ሲሰፋ የመጨረሻዋ መስመር ወደ ሁለተኛ ገጽ ትወርዳለች፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ እሷ ስልክ ቁጥሯ ናት። በድሮዎቹ ዩኒኮድ ባልሆኑ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነማ ጭራሽ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሁለት ፋይል ላኩ፣ እኛ የምናርመው ወርዱን፣ እናንተ ያያችሁትን የምናመሳክርበት ፒዲኤፍ። ከታች ሁለት ሶስት መስመር ባዶ ተዉ፣ እስከ ጠርዝ አትሙሉት። ፎቶ አንድ ይበቃል፣ ራሳችሁ የሰራችሁት ይሁን፣ ቴሌግራም እንዳይጨምቀው እንደ ፋይል ላኩት። ከፒንተረስት የወረደ በር እየላካችሁ ደንበኛ «ይሄንኑ ስሩልኝ» ሲላችሁ አትደንግጡ።

ዓመተ ምህረት ላይ ዓ.ም. ወይ እ.ኤ.አ. ብላችሁ ለዩ፣ ያለዛ በሁለቱ አቆጣጠር መሀል ያለው 7 ወይ 8 ዓመት ልምዳችሁን ወይ ይቆርጠዋል ወይ ያስረዝመዋል። የገጹ ግርጌ ላይ ያለችው «መረጃው የተረጋገጠበት ወር» የምትለዋ ደግሞ ለጌጥ አይደለችም። ንግድ ፈቃድ ያለቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ እስከ ታህሳስ መጨረሻ ስለሆነ ሰኔ ላይ «የታደሰ» ብላችሁ የሞላችሁት ከወራት በኋላ ላይሆን ይችላል፣ ለዚህ ነው ማህበሩ ፎርሙን ጥር ላይ እንደገና የሚጠይቃችሁ። አብሽሩ፣ ያኔ ሙሉውን መሙላት የለባችሁም፣ የተቀየረውን ብቻ አርማችሁ አዲሱን ወር ጻፉበት።