ጊዜ ሲያጥር የትኛው ምዕራፍ ይቅር?

«የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ አዘዞ ነው የምኖረው። ለትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ማጠቃለያ ፈተና 12 ሰዓት ብቻ ቀረኝ። አምስት ምዕራፍ አለ። የቱን ልተው?»

መጀመሪያ 12ቷን ሰዓት እንፈትሻት። ውሃ በሚመጣበት ቀን ጀሪካን መሙላት አለ፣ ማታ መብራት ይሄዳል። ይህን ሁሉ ቀንሰሽ የተረፈ ከሆነ ጥሩ። ካልሆነ አሁኑኑ ቀንሺው። ከዚያ በኋላ ከጽሑፍሽ ያየኋቸውን አንዳንድ ሐሳቦች ላንሳ።

«ብዙ ጥያቄ ከሚወጣበት ልጀምር ብዬ ነበር»

የጥያቄው ብዛት ብቻውን ምንም አይወስንም። መታየት ያለበት አንድ ሰዓት ስታጠፊ የሚጨመርልሽ ማርክ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ካጠናሽ በኋላ የምታገኚውን ገምቺ፣ አሁን ብትፈተኚ የምታገኚውን ቀንሺ፣ ለሚፈጅብሽ ሰዓት አካፍዪ።

40 ጥያቄ ያለው ፈተና እንውሰድና በግምት እንሥራው። አሲድና ቤዝ 14 ጥያቄ አለው እንበል። አሁን 5 ታገኛለሽ፤ 7 ሰዓት ብታጠኚ 10 ይሆናል። 5 ማርክ በ7 ሰዓት፣ ማለትም በሰዓት 0.7 ገደማ ነው። ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ ደግሞ 8 ጥያቄ ብቻ ነው። ግን በ3 ሰዓት ከ3 ወደ 6 ይወስድሻል፤ በሰዓት አንድ ማርክ። ፖሊመር በ2 ሰዓት 2 ይጨምራል፤ አካባቢ ኬሚስትሪ በአንድ ሰዓት 1። ሦስቱ ትንንሾች በ6 ሰዓት 6 ማርክ አመጡ ማለት ነው። ትልቁ ምዕራፍ 7 ሰዓት ወስዶ 5 ነው ያመጣው።

«ኤሌክትሮኬሚስትሪ ምንም አላውቅም፣ እዚያ ዜሮ ነኝ»

ባለ አራት ምርጫ ከሆነና ለስህተት ማርክ የማይቀነስ ከሆነ ዜሮ አይደለሽም። 10 ጥያቄ በግምት ብትሞዪ በአማካይ 2.5 ይመታል። ስለዚህ በ8 ሰዓት 6.5 ብታገኚ ያተረፍሽው 6.5 ሳይሆን 4 ነው፤ በሰዓት ግማሽ ማርክ። ይህችን 2.5 የማይቀንስ ተማሪ የማያውቀውን ምዕራፍ ሁልጊዜ ከሚገባው በላይ ያዋጣል ብሎ ይገምታል። መልሱን ራስሽ ሠርተሽ የምትጽፊበት ጥያቄ ከሆነ ግን መነሻሽ በእርግጥ ዜሮ ነው። የፈተናውን ዓይነት መምህርሽን ጠይቂ።

«ከተውኩ ጠቅላላ መተው ነው»

ብዙ ማርክ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። የአንድ ምዕራፍ ሰዓቶች እኩል አይከፍሉም። የኤሌክትሮኬሚስትሪ የመጀመሪያ 2 ሰዓት አኖድ ላይ ኦክሲዴሽን፣ ካቶድ ላይ ሪዳክሽን እንደሚካሄድ መያዝና የሴል ቮልቴጅ ማስላት ነው። የዚንክና የመዳብ ሴል ቢመጣ ከካቶዱ አኖዱን ትቀንሻለሽ፦

```
0.34 − (−0.76) = 1.10 V
```

ጥያቄው አለቀ። እነዚህ 2 ሰዓቶች 2 ማርክ ያመጣሉ እንበል። የቀሩት 6 ሰዓቶች፣ የፋራዳይና የኔርንስት ስሌት ያለባቸው፣ ሌላ 2 ብቻ። ስለዚህ ፊተኛውን ወስደሽ ኋለኛውን ጣይው።

አሲድና ቤዝም ይከፈላል። የመጀመሪያ 3 ሰዓት፣ የፒኤች ስሌትና ደካማ አሲድ፣ 3 ማርክ ቢሰጥ፣ በፈርና ታይትሬሽን 4 ሰዓት ወስደው 2 ይሰጣሉ። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ፤ ፊተኛውን ዘለሽ በፈር ብቻ ላጥና ማለት አይሠራም፤ በፈር የደካማ አሲድን ስሌት ይፈልጋል።

ስንደምረው፦ ትንንሾቹ 6 ሰዓት፣ የአሲድና ቤዝ መጀመሪያ 3፣ የኤሌክትሮኬሚስትሪ መጀመሪያ 2። 11 ሰዓት፣ 11 ማርክ። ከትልቁ ጀምረሽ ሙሉ አሲድና ቤዝ በ7 ሰዓት ብትጨርሺ፣ የቀረውን 5 ሰዓት ኤሌክትሮኬሚስትሪ ላይ ብታውዪ 8 ማርክ ብቻ ታገኚ ነበር። 12ኛዋን ሰዓት ቀድሞ የተሳሳትሻቸውን ጥያቄዎች መልሰሽ ሥሪባት፤ አሲድና ቤዝ ላይ አሁን ታገኛለሽ ያልናት 5 ማርክ ሳትነካ ከቀረች ትቀንሳለች።

«ዘንድሮ ይህ ይወጣል ተብሏል»

የሰፈር ወሬ ነው። የመምህሩ ማስታወሻና ያለፉ ፈተናዎች ይሻላሉ።

«ግምቴ ልክ ነው ወይ ብዬ ፈራሁ»

መጀመሪያ ላይ ልክ አይሆንም። ከእያንዳንዱ ምዕራፍ ካለፈ ፈተና 5 ጥያቄ ወስደሽ መጽሐፍ ሳትከፍቺ ሞክሪ፤ አሁን ያለሽበት ይታወቃል። አንድ ሰዓት አጥንተሽ ሌላ አዲስ 5 ሥሪ። 2 የነበረው 3 ከሆነ፣ ምዕራፉ 10 ጥያቄ ካለው 2 ማርክ አትርፈሻል ማለት ነው። 5 ጥያቄ ትንሽ ስለሆነ በአንድ ዕድለኛ መልስ አትታለዪ፤ ያገኘሽውን ለምን እንዳገኘሽ ማስረዳት ካልቻልሽ አትቁጠሪው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ካጠናሽ በኋላ ምንም ካልጨመረ፣ ምዕራፉን አስቀምጪና ወደሚቀጥለው እለፊ።