ከክኒን ለሕፃን የሚዘጋጅ ሰስፔንሽን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሆስፒታል ፋርማሲ ውስጥ ለሕፃን የሚሆን ፈሳሽ መድኃኒት ተዘጋጅቶ ሳይገኝ ሲቀር፣ ፋርማሲስቱ ለአዋቂ የተሠራውን ክኒን ፈጭቶ ሰስፔንሽን፣ ማለትም ዱቄቱ ሳይሟሟ በፈሳሽ ውስጥ ተንሳፍፎ የሚቆይበትን መድኃኒት፣ ያዘጋጃል። ቀጥሎ የሚቀርበው ማብራሪያ በአንድ ትእዛዝ ላይ የተመሠረተ ነው። ክብደቱ 5 ኪሎ ግራም የሆነ የልብ ሕመምተኛ ሕፃን ስፓይሮኖላክቶን በቀን 2 ሚሊ ግራም በኪሎ ግራም እንዲወስድ ታዟል። ይህም በቀን 10 ሚሊ ግራም ሲሆን በሁለት ጊዜ ተከፍሎ ይሰጣል። በመደርደሪያው ላይ ያለው ግን ባለ 25 ሚሊ ግራም ክኒን ብቻ ነው።

«ክኒኑን ፈጭቶ በውሃ መበጥበጥ በቂ አይደለም ወይ?»

ስፓይሮኖላክቶን ውሃ የማይቀበል መድኃኒት ነው። ዱቄቱ ላይ በቀጥታ ውሃ ቢፈስበት ከፊሉ በላዩ ላይ ይንሳፈፋል፣ ከፊሉም አየር አፍኖ ይጓጉላል። እንዲህ የተሠራ ጠርሙስ ላይ ላዩን ሲታይ ደህና ቢመስልም ከእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር የሚወጣው የመድኃኒት መጠን የተለያየ ይሆናል። በመሆኑም የዝግጅቱ ዋነኛ ደረጃ ማርጠብ ነው።

በምሳሌአችን 40 ሚሊ ሊትር ሰስፔንሽን በ5 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ለማዘጋጀት 200 ሚሊ ግራም መድኃኒት፣ ማለትም 8 ክኒን፣ ያስፈልጋል። ክኒኖቹ በሙቀጫ ውስጥ በደንብ እስኪልሙ ድረስ ይፈጫሉ። የስፓይሮኖላክቶን አቧራ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም፤ ስለዚህ ጓንትና ጭምብል ይደረጋል፣ ሥራውም አየር በሚመጥ ካቢኔት ውስጥ ቢሠራ ይመረጣል። ከዚያ ወደ 2 ሚሊ ሊትር ያህል ግሊሰሪን በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ ዱቄቱ ለስላሳ ሊጥ እስኪሆን ድረስ በዘነዘናው ይታሻል። ከሊጡ ትንሽ ወስዶ በሙቀጫው ግድግዳ ላይ መቀባት ይጠቅማል፤ ነጭ ቅንጣት ከታየ መታሸቱ አልበቃም ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚጨመረው ፈሳሽ ዱቄቱን አንጠልጥሎ የሚይዝ መሆን ይኖርበታል። በብዙ ቦታ የሚሠራበት 1 በመቶ ሜቲልሴሉሎስ እና ቀላል ሽሮፕ በእኩል መጠን የተደባለቀበት ፈሳሽ ነው። ሜቲልሴሉሎስ የሚሟሟው በቀዝቃዛ ውሃ እንጂ በሙቅ ውሃ ስላልሆነ፣ አስቀድሞ በሙቅ ውሃ ውስጥ ተበትኖ ከዚያ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል፤ ሲቀዘቅዝም ይወፍራል። ውሃውም የተጣራ መሆን አለበት፣ የቧንቧ ውሃ አይሆንም። ፈሳሹ መጀመሪያ ከሊጡ መጠን ጋር በሚመጣጠን ልክ ይጨመራል፤ ሊጡ ሲቀልጥም ተጨማሪ ይደረግና ሙሉ በሙሉ ሲፈስ ወደ መለኪያ ሲሊንደር ይገለበጣል። ሙቀጫውና ዘነዘናው በቀሪው ፈሳሽ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ታጥበው እጣቢው ወደዚያው ሲሊንደር ይገባል። ይህ እጥበት ከተዘለለ በሙቀጫው ላይ የቀረው ዱቄት ከሕፃኑ መድኃኒት ላይ የተቀነሰ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን መፈጨት ለሚችል ክኒን ብቻ ነው። ቀስ በቀስ እንዲለቀቅ የተሠራ፣ ወይም ከጨጓራ አሲድ ለመከላከል የተሸፈነ ክኒን ሲፈጭ የተሠራበት ዓላማ ይጠፋል። ስለዚህ ከመፍጨት በፊት የክኒኑ ዓይነት መረጋገጥ አለበት።

«40 ሚሊ ሊትር ከተፈለገ 40 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ይጨመራል»

ዱቄቱና ግሊሰሪኑ ራሳቸው ቦታ ይይዛሉ። የክኒኑ ማቀፊያ ንጥረ ነገሮች ከነመድኃኒቱ 1 ሚሊ ሊትር ያህል ቢይዙና ግሊሰሪኑ 2 ሚሊ ሊትር ቢሆን፣ ሙሉ 40 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሲጨመርበት ጠቅላላው 43 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ያኔ 200 ሚሊ ግራሙ በ43 ሲካፈል 4.65 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ይወጣል፤ መለያው ላይ የተጻፈው ግን 5 ነው። ልዩነቱ 7 በመቶ ነው። በቦታው ለሚዘጋጁ መድኃኒቶች በአብዛኛው ተቀባይነት ያለው ክልል ከተጻፈው መጠን ከ90 እስከ 110 በመቶ ስለሆነ፣ መድኃኒቱ ከመደርደሪያው ሳይነሳ ከተፈቀደለት ስህተት አብዛኛው ተበልቷል ማለት ነው። ትክክለኛው አሠራር ፈሳሹን «እስከ 40 ሚሊ ሊትር ምልክት ድረስ መሙላት» ሲሆን፣ ምን ያህል ፈሳሽ እንደገባ አስቀድሞ ማወቅ አያስፈልግም።

«ክኒኑ ገና ሁለት ዓመት ይቆያል፤ ሰስፔንሽኑም ፍሪጅ ውስጥ እስከዚያ ድረስ ይቆያል»

በክኒኑ ማሸጊያ ላይ ያለው ቀን ለደረቀው ክኒን የተሰጠ ነው። ውሃ ሲገባበት ሁለት አዳዲስ ነገሮች ይጀምራሉ፦ የመድኃኒቱ ኬሚካላዊ መፍረስ እና የጀርሞች መራባት። የመጀመሪያውን ለመረዳት ካፕቶፕሪል ጥሩ ምሳሌ ነው። በውሃ ውስጥ ሲሆን ከኦክስጅን ጋር እየተጣመረ ወደ ሌላ ውህድ ይለወጣል፤ ትንሽ ብረት ያለበት ውሃ ሂደቱን ያፋጥነዋል። በዓይን ግን ምንም አይታይም። ስለዚህ «ቀለሙ አልተለወጠም» የሚለው ማረጋገጫ ስለ መድኃኒቱ ጥንካሬ ምንም አይናገርም።

የመድኃኒት ጥራት ደረጃዎችን የሚያወጣው የዩናይትድ ስቴትስ ፋርማኮፒያ በተሻሻለው ምዕራፉ፣ በጥናት ያልተረጋገጠ ውሃማ ዝግጅት የጀርም መከላከያ ከሌለው ፍሪጅ ውስጥ ከ14 ቀን በላይ እንዳይቆይ፣ የጀርም መከላከያ ካለው ደግሞ ከ35 ቀን በላይ እንዳይቆይ ይወስናል። እነዚህ ከፍተኛ ጣሪያዎች ናቸው። ከዚያ በታች የሚያወርዳቸው የመድኃኒቱ ባሕርይ ካለ ቀኑ መቀነስ አለበት፤ ከዚያ በላይ ለመሄድ ደግሞ በዚያው ቀመር፣ በዚያው መጠንና በዚያው መያዣ የተደረገ የመረጋጋት ጥናት ያስፈልጋል። ከሌላ ፈሳሽ ጋር የተጠናውን ቀን ወስዶ ለራስ ፈሳሽ መጻፍ አይቻልም።

ለምሳሌአችን የተመረጠው ፈሳሽ የጀርም መከላከያ ስለሌለው 14 ቀን ተሰጥቶታል። በቀን 2 ሚሊ ሊትር ሲወሰድ በ14 ቀን 28 ሚሊ ሊትር ያልቃል፤ በጠርሙሱና በስሪንጁ የሚቀረውን ጨምሮ 40 ሚሊ ሊትር በቂ ነው። 100 ሚሊ ሊትር ማዘጋጀት ለፋርማሲው ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፣ ነገር ግን ለ50 ቀን የሚሆን መድኃኒት ሰጥቶ በ14ኛው ቀን እንዲደፉት መጠየቅ ነው። በእኔ አመለካከት ብዙ ቤተሰብ አይደፋውም።

«ከታች ከዘቀጠ ተበላሽቷል ማለት ነው»

መዝቀጥ የሰስፔንሽን ተፈጥሮ ነው። ጥያቄው ሲነቀነቅ ወደ ቀድሞው ሁኔታ ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለው ነው። ጠርሙሱ ለሰዓታት ከቆመ በኋላ ተነቅንቆ ሲገለበጥ ከታች የተጣበቀ ጠንካራ ዝቃጭ ካለ ኬክ ሠርቷል፤ ይህ መወገድ ያለበት ነው። በቀላሉ ተነስቶ አንድ ዓይነት ፈሳሽ ከሆነና ለመለካት በሚበቃ ጊዜ ከቆየ ግን ደህና ነው። ፋርማሲስቱ ይህን ምርመራ ከማስረከቡ በፊት ማድረግ ይኖርበታል። በጠርሙሱ አንገት ዙሪያ የቀረ ዱቄት፣ በላይ የተንሳፈፈ ቅንጣት፣ አረፋ ያፈነው እብጠት ከታየም ማርጠቡ እንደገና ይጤናል። ጠርሙሱ ጥቁር ቡናማ ቢሆን፣ ለ40 ሚሊ ሊትርም ባለ 60 ሚሊ ሊትር ቢመረጥ ለመነቅነቅ የሚሆን አየር ይኖራል። እስከ አፉ የሞላ ጠርሙስ ሊነቀነቅ አይችልም።

ሳይነቀነቅ ከተሰጠ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕፃኑ ከታዘዘለት ያነሰ፣ የመጨረሻዎቹ ቀናት ደግሞ ከታዘዘለት የበዛ መድኃኒት ይወስዳል። ስፓይሮኖላክቶን ፖታሲየምን በሰውነት ውስጥ የሚያቆይ፣ የፖታሲየም መብዛትም ለልብ አደገኛ በመሆኑ የመጨረሻዎቹ ቀናት በተለይ ያሳስባሉ።

«መለያው ላይ ‹1 ሚሊ ሊትር በቀን 2 ጊዜ› ብሎ መጻፍ ይበቃል»

ይህ ቤተሰቡ ዛሬ በእጁ ላለው ጠርሙስ ብቻ የሚሠራ መመሪያ ነው። ሌላ ፋርማሲ በሌላ ጥንካሬ ቢያዘጋጀው፣ ለምሳሌ 25 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ቢሆን፣ ያው «1 ሚሊ ሊትር» አምስት እጥፍ መድኃኒት ይሆናል። በአንጻሩ ሚሊ ግራሙ ብቻ ቢጻፍ «5 ሚሊ ግራም» የሚለውን «5 ሚሊ ሊትር» አድርጎ ማንበብ ቀላል ነው፤ ያኔም በ5 ኪሎ ሕፃን ላይ በቀን 50 ሚሊ ግራም ይገባል። ስለዚህ ሁለቱም ይጻፋሉ፣ ጥንካሬውም ከመድኃኒቱ ስም ቀጥሎ ጎልቶ ይቀመጣል። ለምሳሌአችን መለያው የሚከተለውን ይመስላል፦

ስፓይሮኖላክቶን ሰስፔንሽን፣ 5 ሚሊ ግራም በ1 ሚሊ ሊትር፣ 40 ሚሊ ሊትር። የታካሚው ስም እና የካርድ ቁጥር። 5 ሚሊ ግራም (1 ሚሊ ሊትር) በየ12 ሰዓቱ በአፍ ይስጡ። ከመስጠትዎ በፊት ጠርሙሱን በደንብ ይነቅንቁ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያስቀምጡ። የተዘጋጀበት ቀን፣ ከዚህ ቀን በኋላ አይጠቀሙ፣ የዝግጅት ቁጥር።

ቁጥሮቹ አጻጻፍ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «1.0» ነጥቧ ከደበዘዘች 10 ተብሎ ይነበባል፣ ስለዚህ «1» ብቻ ይጻፋል። ከአንድ በታች ሲሆን ደግሞ «.5» ሳይሆን «0.5» ነው። «በደንብ ይነቅንቁ» የሚለውም በትናንሽ ፊደላት ከታች እንዳይደበቅ።

የዝግጅት ቁጥሩ ዋጋ የሚኖረው ከጀርባው መዝገብ ሲኖር ነው። በመዝገቡ የክኒኑ አምራችና የባች ቁጥር፣ የሽሮፑና የሜቲልሴሉሎሱ ባች፣ የተወሰደው የክኒን ብዛት፣ የመጨረሻው መጠን፣ የታየው መልክ፣ ያዘጋጀውና ያረጋገጠው ባለሙያ ፊርማ ይሰፍራሉ። አምራቹ ከወራት በኋላ ያንን ባች ከገበያ ቢሰበስብ፣ ማን እንደወሰደው የሚገኘው ከዚህ መዝገብ ብቻ ነው። ስሌቱን ሁለተኛ ሰው ማረጋገጥ ያለበት ክኒኖቹ ከመፈጨታቸው በፊት ነው፤ ከተፈጩ በኋላ 8 ይሁኑ 18 በዱቄቱ አይታወቅም።

«የሻይ ማንኪያ ያለው ቤተሰብ ስሪንጅ አያስፈልገውም»

የሻይ ማንኪያ በግምት 5 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ 1 ሚሊ ሊትር መለካት አይችልም። ለዚህ ሕፃን መርፌ የሌለው፣ ባለ 1 ሚሊ ሊትር የአፍ መስጫ ስሪንጅ ከጠርሙሱ ጋር ይሰጣል። ሲሰጥም እናቲቱ ጠርሙሱን ነቅንቃ፣ እስከ 1 ምልክት ድረስ ቀድታ ለፋርማሲስቱ እንድታሳይ ይጠየቃል፤ አየር ከተቀዳ እንዴት እንደሚወገድም በዚያው ጊዜ ይገለጽላታል።