ያዕቆብ ወደ ዔሳው የሄደበት መንገድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከወንድሙ ወይም ከእኅቱ ጋር በውርስ፣ በብር ወይም በክፉ ቃል ተጣልቶ ዓመታት የቆጠረ ሰው በመካከላችን ብዙ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 32ና 33ን ቀስ ብሎ ማንበብ ይጠቅመዋል፤ ያዕቆብ ያደረገው እያንዳንዱ ነገር ምክንያት አለውና።

ጠቡ ቀላል አልነበረም። ያዕቆብ አባቱን አታሎ የታላቁን በረከት ወሰደ፤ ዔሳውም ሊገድለው ዛተ። ርብቃ ልጇን ወደ ካራን ስትልከው የወንድሙ ቁጣ እስኪበርድ ጥቂት ቀን እንዲቆይ ነበር። ያ ጥቂት ቀን 20 ዓመት ሆነ። እናትና ልጅ ዳግም ስለመተያየታቸው መጽሐፉ የሚነግረን የለም። ቁጣ በራሱ ጊዜ ይበርዳል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይህን ያስብ።

ያዕቆብ በመጀመሪያ መልእክተኞች ላከ። የተመለሰለት ወሬ ግን ዔሳው 400 ሰዎች ይዞ እየመጣ ነው የሚል ብቻ ነበር። ሰላም ይሁን ጦርነት አልታወቀም። ያዕቆብ እጅግ ፈራ፣ ፍርሃቱንም ሳይደብቅ ለእግዚአብሔር ነገረ። በዚያ ጸሎት ውስጥ የዔሳውን ክፋት ሲዘረዝር አናገኘውም፤ ለተደረገለት ቸርነት ሁሉ እንደማይገባው ይናገራል እንጂ። እኛ ስለተጣላነው ሰው ስንጸልይ ክስ ይቀናናል። ወደ ወንድምህ ከመሄድህ በፊት ለንስሐ አባትህ ስትናገር የእርሱን ጥፋት ትተህ የራስህን ብቻ ለመናገር ሞክር። ካቃተህ ገና አልተዘጋጀህም ማለት ነው።

ከዚያ እጅ መንሻውን አዘጋጀ፤ ፍየል፣ በግ፣ ግመል፣ ላምና አህያ፣ የግመሎቹ ግልገሎች ሳይቆጠሩ 550 እንስሳት። ሁሉንም ባንድ ጊዜ አልነዳቸውም። በመንጋና በመንጋ መካከል ርቀት እንዲኖር አዘዘ። እያንዳንዱ እረኛ ዔሳውን ሲያገኘው አንድ ዓይነት አጭር ቃል ይናገራል፦ ይህ ከባሪያህ ከያዕቆብ ለጌታዬ ለዔሳው የተላከ ነው፣ እርሱም ከኋላችን እየመጣ ነው። የተቆጣ ልብ ፋታ ይሻል። ብዙ ሰው ከዓመታት ዝምታ በኋላ በመጀመሪያው ስልክ የአሥር ዓመት ክርክር ይዘረግፍና ወዲያው ይዘጋበታል። የመጀመሪያው መልእክት ስለ ደኅንነቱ የሚጠይቅና «ልመጣ እፈልጋለሁ» የሚል ብቻ ይሁን። መልስ ካልመጣ ጥቂት ሰንብቶ ሌላ አጭር መልእክት ይላክ።

«እርሱም ከኋላችን ነው» የሚለውን አትለፉት። እኛ ዘንድ ሽማግሌ መላክ የተከበረ ባህል ነው፤ ነገር ግን ሽማግሌ ልኮ ቤቱ የሚቀመጥ አለ። ያዕቆብ ግን ሚስቶቹንና ልጆቹን ከኋላ አድርጎ ራሱ ፊት ወጣ፤ ወደ ወንድሙ እስኪደርስም ሰባት ጊዜ ወደ ምድር ሰገደ። ይስሐቅ ሲባርከው የእናትህ ልጆች ይስገዱልህ ብሎት ነበር። በተንኰል ያገኘውን የበላይነት ያዕቆብ በገዛ ጉልበቱ መለሰ። ዔሳው «ይብቃኝ» ብሎ እጅ መንሻውን እንቢ ሲለውም እስኪቀበለው ድረስ ለመነው።

እንግዲህ የአባታቸውን ቤት በስሙ ብቻ አዙሮ እኅቱን ባዶ እጇን ያስቀረ ወንድም እናስብ። «ያለፈው አለፈ፣ እንርሳው» ብሎ ቢሄድ የእርቁን ዋጋ የምትከፍለው እርሷ ትሆናለች። «ድርሻሽን ከልክዬሻለሁ፣ በድዬሻለሁ» ብሎ ጥፋቱን በስሙ ይጥራው፤ «ቢሆንም አንቺም» የምትል ቃል አያስከትል። ከዚያም ድርሻዋን በምን መንገድና መቼ እንደሚሰጣት በሽማግሌ ፊት ይናገር፣ በወረቀትም ይጻፍ። መክፈል የሚችል ሰው ስግደቱን ብቻ ይዞ ቢሄድ ግማሹን መንገድ አልሄደም።

ዔሳው ሮጦ አቀፈው፣ ሳመው፣ ተላቀሱም። የእናንተ ሰው ላይሮጥ ይችላል፤ በጌታችን ትእዛዝ መባውን ትቶ የመሄድ ድርሻ የእኛ ነው፣ ልቡን የመክፈት ጊዜ ግን የእርሱ ነው። በጠቡ ውስጥ ዱላ ወይም ዛቻ ከነበረ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ካህን ወይም ሽማግሌ ባለበት ተገናኙ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዔሳው አብረን እንጓዝ ሲል ያዕቆብ ልጆቹ ደካሞች መሆናቸውን ነግሮት ወደ ኋላ ቀረ። ዔሳው ወደ ሴይር ተመለሰ፣ ያዕቆብ በሱኮት ቤት ሠራ። አብረው አልኖሩም፤ ይስሐቅ ሲሞት ግን ሁለቱ ልጆቹ በአንድነት ቀበሩት። ስለዚህ ከታረቃችሁ በኋላ እንደ ልጅነታችሁ በየቀኑ ካልተገናኘን ብላችሁ አታስጨንቁ። በበዓል መደወል፣ ሲታመም መጠየቅ፣ ልጆቻችሁ አጎትና አክስታቸውን እንዲያውቁ ማድረግ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። የድሮውን ነገር እርሱ ራሱ እስኪያነሣው ድረስ አታንሡበት፤ ሲያነሣውም ሳታቋርጡ እስከ መጨረሻው አድምጡት።