የካሃን ድምር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የካሃን ድምር ኮምፒውተር ቁጥሮችን ሲደምር በማጠጋጋት የሚጠፋውን ትርፍራፊ መዝግቦ የሚመልስ ዘዴ ነው።

«በማጠጋጋት የሚመጡት ጥቃቅን ስህተቶች አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች እየሆኑ ይጠፋፋሉ፤ ምን ያስጨንቃል?»

አንዳንዴ አዎ። ግን ባለ 32 ቢት ፍሎት ያዙና ከዜሮ ተነስታችሁ 1ን 20 ሚሊዮን ጊዜ ደምሩ። ድምሩ 16777216 ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ከዚያ በኋላ ያሉት ፍሎቶች በ2 ስለሚዘሉ 16777217 የሚባል ፍሎት የለም፤ ማሽኑ ወደ 16777216 ይመልሰዋል፣ ቀጣዩም 1 ያው ዕጣ ይደርሰዋል፣ እንዲህ እያለ ከ3 ሚሊዮን በላይ አንዶች ውሃ በላቸው። የሚጠፋፋ ነገር የለም፤ ስህተቱ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው።

«ካሃን ውስጥ ያለው `c` እኮ በአልጀብራ ዜሮ ነው፤ ምን ይሠራል?»

ወረቀት ላይ ዜሮ ነው። ማሽን ላይ ግን አይደለም፣ ዊልያም ካሃን እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመው ዘዴ ውበቱም እዚህ ጋ ነው። `s` እስካሁን ያለው ድምር፣ `x` አዲሱ ቁጥር፣ `c` ደግሞ የጠፋው የሚመዘገብበት ነው።

```
y = x - c
t = s + y
c = (t - s) - y
s = t
```

`s` 16777216፣ `c` 0 ሆነው 1 ይምጣ። `t` ተጠጋግቶ 16777216 ይቀራል። `t - s` ዜሮ ነው፣ ስለዚህ `c` -1 ይሆናል፤ የጠፋችው 1 እዚያ ተመዘገበች ማለት ነው። ሌላ 1 ሲመጣ `y` = 1 - (-1) = 2። አሁን `t` 16777218 ሆነ፣ ዕዳውም ተከፈለ። በዚሁ አካሄድ መጨረሻው ልክ 20000000 ነው።

ችግሩ ኮምፓይለሩም አልጀብራ ማወቁ ነው። በ`-O2` ወይም በ`-O3` ብቻ ከሆነ ጂሲሲ አይነካውም፤ `-ffast-math` ወይም `-Ofast` ካላችሁት ግን `c`ን ዜሮ ነው ብሎ ሊያጠፋው ይችላል፣ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። ፍንጭ ለማግኘት ያንኑ የ20 ሚሊዮን ሙከራ በራሳችሁ ኮድ አስኪዱት። 16777216 ካወጣ ካሃን የለም።

«ባለ 64 ቢቱን ዶብል ከተጠቀምኩ ካሃን አያስፈልገኝም።»

ለብዙ ሥራ እውነት ነው፣ አልከራከርም። ግን ዶብልም ግድግዳውን አራቀው እንጂ አላፈረሰውም።

«ካሃን ካለ መልሱ ሁሌም ትክክል ነው።»

ቁጥሮቹ ሁሉ ፖዘቲቭ ከሆኑ ዋስትናው ግሩም ነው፤ ስህተቱ ከዝርዝሩ ርዝመት ጋር አያድግም ማለት ይቻላል። ምልክታቸው ሲቀላቀል ግን ተጠንቀቁ። በዶብል 1.0፣ 1e100፣ 1.0፣ -1e100ን ደምሩ። እውነተኛው መልስ 2 ነው፣ ካሃን 0 ይላል። ለምን? አዲሱ ቁጥር ከ`s` ሲበልጥ የሚቆረጠው `s` ራሱ ነው፣ `c` ደግሞ የሚመዘግበው ከ`y` የተቆረጠውን ብቻ ነው። የሒሳብ ሊቁ አርኖልድ ኖይማየር እ.ኤ.አ. በ1974 ይህን አስተካከለ፦ ከሁለቱ ትልቁ የቱ እንደሆነ አይቶ ከትንሹ የጠፋውን ይይዛል፣ የተጠራቀመውን መጨረሻ ላይ ይደምራል። ፓይተን ከ3.12 ጀምሮ በ`sum()` ይህንኑ መንገድ ስለሚከተል ከላይ ላለው ዝርዝር 2.0 ይመልሳል፤ ከዚያ በፊት 0.0 ነበር።