«ማሩ ስኳርን ያድናል» ብለሽ ከመለጠፍሽ በፊት

ደሴ ፒያሳ ያለ አንድ ባለሱቅ ለጓደኛዬ ሁለት ኪሎ ማር በነፃ ሰጣትና ቲክቶክ ላይ እንድታስተዋውቅለት ጠየቃት። እሷም «የስኳር በሽታን ይፈውሳል፣ እናቴ ምስክር ናት» ብላ ጻፈች። አጥፊው አልኳት።

የእናቷ ስኳር ወርዶ ይሆናል። ግን እኮ የስኳር መድኃኒታቸውን፣ ሜትፎርሚንን፣ በየቀኑ ይውጣሉ፤ ታዲያ ያወረደው ማሩ መሆኑ በምን ታወቀ? ማር ራሱ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። አንድ ታማሚ ይህን አምኖ መድኃኒቱን ቢያቆምስ? «የራሴ ገጠመኝ ነው» ማለትም አያዋጣም፣ ምክንያቱም አንባቢው ይዞ የሚሄደው ያው «ያድናል» የሚለውን ነው። አሳሳች ማስታወቂያን ደግሞ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ይከለክላል።

«አብሽር፣ ብር አልተቀበልኩም» አለችኝ። ማሩ ራሱ ክፍያ ነው! ስለዚህ ከመለጠፏ በፊት ቲክቶክ ላይ Branded content የሚለውን ምርጫ ታበራለች፤ ቪዲዮው ላይ Paid partnership የሚል ምልክት ይወጣል። እንግሊዝኛውን ሁሉም ሰው ስለማይረዳው በአማርኛም ትጻፈው፣ ያውም መጀመሪያው መስመር ላይ፤ ረጅም ጽሑፍ ሲሆን ታችኛው ይደበቃልና።

በመጨረሻ እንዲህ አስተካከልነው፦ «ማስታወቂያ፦ ማሩን ባለሱቁ በነፃ ሰጥቶኛል። ወፈር ያለ ነው፣ ከትኩስ ዳቦ ጋር በጣም ወድጄዋለሁ።»